የአውቶቡስ ትኬት ድረ ገጽን በተጠቃሚ መፈተሽ፦ ተግባር ከመቅረጽ እስከ ማስታወሻ መያዝ

አንድ መንገደኛ ስልኩ ላይ ትኬት ይቆርጣል፣ ሒሳቡ ይቀነሳል፣ «ትኬትዎ ተይዟል» የሚል አረንጓዴ ምልክትም ያያል። በማግሥቱ መናኸሪያ ሲደርስ አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። በድረ ገጹ መዝገብ ላይ ግን ይህ ሰው የተሳካ ሽያጭ ተብሎ ተቆጥሯል። የአጠቃቀም ፍተሻ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ዩዛቢሊቲ ቴስት፣ ዋና ሥራው እንዲህ ያለውን መዝገብ የማያሳየውን ስህተት ማውጣት ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ «ተሳካ» የምንለው ተሳታፊው የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ አይደለም። መቼ፣ ከየትና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሲጠየቅ በትክክል መመለስ ሲችል ነው።

ለማሳያ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ የሚያመላልሱ አውቶቡሶችን ትኬት የሚሸጥ፣ በአብዛኛው በስልክ የሚከፈት ድረ ገጽ እንውሰድ። ጽሑፉ አማርኛ ነው፤ የቀን መምረጫው ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ያሳያል፣ የመነሻ ሰዓቱን የሚጽፈውም 6:00 AM በሚል መልክ ነው። ክፍያው በቴሌብር ነው። የተመረጠ ወንበር ለ10 ደቂቃ ብቻ ይያዛል።

ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ጻፉ

«ድረ ገጹ ለአጠቃቀም ቀላል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለፍተሻ አይሆንም፤ ማንም ሰው «አዎ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጥያቄው ተሳታፊው ሲሠራ በዓይን አይታችሁ የምትመልሱት መሆን አለበት። ለዚህ ድረ ገጽ ሦስት ይበቁናል። መንገደኛው የቆረጠው ያሰበውን ቀንና ሰዓት ነው ወይ? ለሌላ ሰው ሲቆርጥ የማንን ስምና የማንን ስልክ ያስገባል? ክፍያ መሐል ላይ ሲቋረጥ ትኬት ይኑረው አይኑረው በምን ያውቃል? ወንበር መምረጥን፣ ትኬት መሰረዝንና ገንዘብ ማስመለስን ለሌላ ዙር ተዉአቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ልፈትሽ ያለ ሰው አንዱንም በቅጡ ሳያይ ይጨርሳል።

እነማንን፣ ስንት ሰው?

አምስት ሰው ይበቃል የሚባለው መነሻው የተመራማሪዎቹ የኒልሰንና የላንዳወር የ1993 ጥናት ነው። ባጠኗቸው ፕሮጀክቶች አንድ ተሳታፊ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆነውን ችግር ያሳያል፤ አምስት ሲሆኑ ወደ 85 በመቶ ይደርሳል። አማካይ መሆኑ ግን አይዘንጋ። ከ10 ሰው አንዱን ብቻ የሚያደናቅፍ ችግር በአምስት ሰዎች ፍተሻ ላይ የመታየት ዕድሉ 41 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አምስት ሰው ፈትሹ፣ የታየውን አስተካክሉ፣ ከዚያ በሌሎች አምስት ሰዎች ድገሙት። አሥሩን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይህ ይሻላል።

ስትመርጡ «ለመጨረሻ ጊዜ ከከተማ የወጡት መቼ ነው? ትኬቱንስ ማን ቆረጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ይገልጣል፤ በየወሩ የሚጓዝ ሆኖ ትኬቱን ሁልጊዜ ልጁ ወይም ወንድሙ የሚቆርጥለት ሰው ብዙ ነው። ከአምስቱ አንዱ ዕድሜው ከ50 በላይ ይሁን፣ አንዱ ሁልጊዜ መናኸሪያ ሄዶ የሚቆርጥ ይሁን፣ አንዱ ደግሞ ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰቡ ትኬት የሚቆርጥ ይሁን። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ ሰው ሰዓትን የሚያነብበት ልማድ አዲስ አበባ ካለው የተለየ ነው፤ በቪዲዮ ጥሪ ስክሪኑን አጋርቷችሁ ልትፈትሹት ትችላላችሁ። ድረ ገጹን የሠሩት ልጆች ጓደኞችና ዘመዶች አይግቡ።

ለተሳታፊው የትራንስፖርትና የጊዜውን ካሳ የምትሰጡት ከሆነ ሲመጣ ስጡት። መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ገንዘብ የምስጋና ዋጋ ይመስላል፤ ሰውም ሳያስበው ማመስገን ይጀምራል።

ተግባሮቹን መቅረጽ

የፍተሻው ክብደት እዚህ ነው። መጥፎ ተግባር ይህን ይመስላል፦ «የጉዞ ቀን የሚለውን ነክተው ጥር 9ን ይምረጡ፤ ከዚያ ፈልግ የሚለውን ይጫኑ»። ይህ የፈተሸው ማንበብን ብቻ ነው። ጥሩ ተግባር ለሰውየው ምክንያት ይሰጠዋል እንጂ መንገዱን አይነግረውም፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፉትን ቃላትም አይዋስም። ድረ ገጹ «መድረሻ» የሚል ከሆነ እናንተ «መድረሻ» አትበሉ።

የመጀመሪያው ተግባር እንዲህ ይሁን፦

«ጥር 9 ቀን ሀዋሳ የዘመድ ሠርግ አለብዎት። ከምሳ በፊት መድረስ ይፈልጋሉ። ትኬትዎን እዚህ ላይ ይቁረጡ።»

አጭር ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ነገር ሆን ተብሎ የገባ ነው። ጥር 9 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ነው። ካሌንደሩ ላይ ጃንዋሪ ተከፍቶ ያየ ሰው 9ን ቢነካ የሚያገኘው ጥር 1ን ነው፤ ማለትም ከሠርጉ ስምንት ቀን በፊት ይጓዛል። ስህተቱ ሊፈጸም የሚችል፣ ከተፈጸመም በግልጽ የሚታይ ነው፤ ቀን ስትመርጡ እንዲህ ያለውን ፈልጉ። ዕለቱ ቅዳሜ መሆኑን አልጻፍንም፤ ብንጽፈው «ቅዳሜ» የሚለው ቃል ተሳታፊውን ከስህተቱ ያወጣዋል። ራሱ ከጠየቀ ግን ይነገረው፤ መጠየቁም ማስታወሻ ላይ ይግባ።

«ከምሳ በፊት» የተባለው ደግሞ ሰዓት ላለመጥራት ነው። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ብንይዝለት ጠዋት በ12 ሰዓት የሚነሳው ብቻ ይደርሳል። እናንተ «የ12 ሰዓቱን ይቁረጡ» ብትሉ ተሳታፊው 12 የሚለውን ቁጥር ሲፈልግ ታያላችሁ እንጂ ሰዓቱን እንዴት እንደሚረዳው አታዩም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ይህን ተግባር በቃል አንብቡለት፤ ወረቀቱን ከተማውን ፈልጎ እስኪያገኝ አትስጡት። የከተማው ስም ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ እየተባለ ይጻፋል። ወረቀቱን ካየ የእናንተን አጻጻፍ ይገለብጣል፤ የመፈለጊያ ሳጥኑ የትኛውን እንደሚያውቅ የትኛውንም እንደማያውቅ ሳታዩ ታልፋላችሁ።

ሁለተኛው ተግባር፦ «እናትዎ ሀዋሳ ነው ያሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። የያዙት ስልክ ኢንተርኔት የሌለው ነው። ትኬት ይቁረጡላቸው።» የእናትየውን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና ስልክ የያዘ ካርድ ስጡት። የምትከታተሉት «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርስ የአባት ስም ይጽፋል ወይስ የአያት፣ ወይስ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚለውን ነው። ስልኩ ላይም ዓይናችሁ ይኑር፦ ሳጥኑ +251 ቀድሞ ጽፎ ከጠበቀው፣ ተሳታፊው 09 ብሎ ሲጀምር ምን ይፈጠራል? ትኬቱ የሚላከው ለእናትየው ነው ወይስ ለቆረጠው? ተሳታፊው ወደ ማን የሚሄድ መስሎት ነበር? መልሱ ከእውነታው ካልገጠመ እናትየው መናኸሪያ በር ላይ ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ ማለት ነው።

ሦስተኛው ተግባር መቋረጥን ይፈትሻል። ተሳታፊው ሌላ ትኬት እየቆረጠ ክፍያው ገጽ ላይ ሲደርስ ማስታወሻ የሚይዘው ባልደረባችሁ ስልኩ ላይ ይደውላል፣ ለሁለት ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር ያወራዋል። ተሳታፊው ሲመለስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፦ «አሁን ትኬት አለዎት?» መልሱን የሚፈልግበትን ቦታ እዩ። ወደ ድረ ገጹ ይመለሳል? አጭር መልእክት ይጠብቃል? የቴሌብር ሒሳቡን ያያል? ወይስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለተኛ ትኬት ይቆርጣል?

በዚህ ሁሉ የሰው ገንዘብና የሰው ፒን ውስጥ አትግቡ። ገንቢዎቹ የመለማመጃ ክፍያ ካዘጋጁ በእሱ ይሁን፤ ካልሆነ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ባለው ማረጋገጫ ላይ አቁሙ። ፒን በሚገባበት ሰዓት ቀረጻ መቆም አለበት።

ለእያንዳንዱ ተግባር የስኬት መለኪያውን ፍተሻው ሳይጀመር ጻፉ። ለመጀመሪያው፦ ጃንዋሪ 17ን መምረጡ፣ ጠዋት የሚነሳውን መኪና መያዙ፣ ሲጨርስም «ሀዋሳ የሚጠብቅዎት ዘመድ ቢደውል፣ መቼ፣ ከየትና በስንት ሰዓት እነሳለሁ ይሉታል?» ተብሎ በትክክል መመለሱ። ሲመልስ ስክሪኑ ከፊቱ ይነሳ፤ የሚያስፈልጋችሁ በአእምሮው የቀረው ነው። አንዱ ከጎደለ ተግባሩ አልተሳካም። መለኪያውን በኋላ ብትጽፉት ለተሳታፊው ታዝናላችሁ፣ ለድረ ገጹም ታደላላችሁ።

ከፍተሻው በፊት

የተለመደ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ስልክ አዘጋጁ፣ የአማርኛ ኪቦርድም ይኑረው። ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ስክሪኑን ለመቅረጽ `scrcpy` የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ ጣት የነካበትን ቦታም በነጥብ ያሳያል፦

```
scrcpy --show-touches --record=t3.mp4
```

ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ፈትሹ፤ መንገደኛው የሚጠቀመው እሱን ነው። ከአንድ ቀን በፊት ፕሮጀክቱን ከማያውቅ አንድ ሰው ጋር ሙሉውን ተለማመዱት። ልምምዱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጉድለት የራሳችሁ ዝግጅት ነው፦ የመረጣችሁት ቀን መኪና የለውም፣ ወይም ሁለተኛው ተሳታፊ የያዘው ወንበር ለሦስተኛው «ሞልቷል» ብሎ ይታያል። በየተሳታፊው መካከል ሁሉም ነገር ወደ መጀመሪያው መመለሱን አረጋግጡ። የመጀመሪያው ተግባር ሁልጊዜ ቀድሞ ይሂድ፤ ሌሎቹን ሁለቱን ግን ከሰው ሰው ቅደም ተከተላቸውን አቀያይሩ።

ፍተሻውን መምራት

እኛ አገር ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ተሳታፊው ሊያስከፋችሁ አይፈልግም፤ ተቸግሮም «ምንም አይልም፣ ቆንጆ ነው» ይላል። ይህን የሚያላላው የመክፈቻ ንግግራችሁ ነው። በግምት እንዲህ፦

«ዛሬ የምንፈትሸው ድረ ገጹን ነው፤ እርስዎን አይደለም። እኔ የሠራሁት አይደለም፣ ቢነቅፉት አይከፋኝም። የሚያስቸግር ነገር ካለ እንዲገኝ ነው የመጣሁት። ሲሠሩ የሚያዩትንና የሚያስቡትን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይንገሩኝ፤ ራዲዮ ላይ ኳስ እንደሚያስተላልፍ ሰው። በፈለጉ ሰዓት ማቆም ይችላሉ።»

«እኔ የሠራሁት አይደለም» የምትሉት እውነት ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ይምራ። የሠሩት ሰዎች ማየት ከፈለጉ በሌላ ክፍል ሆነው በስክሪን ይከታተሉ። ጎን ተቀምጦ የሚያቃስት ገንቢ ፍተሻውን ያበላሻል። ቀረጻው ለምን እንደሚውልና መቼ እንደሚጠፋ ነግራችሁ ፈቃድ ተቀበሉ።

ተሳታፊው «ይሄን ልጫነው?» ሲል «አዎ» ማለት ይቀናል። ይልቅ ጥያቄውን መልሱለት። ለወጣት «ብቻህን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ይበቃል፤ ለትልቅ ሰው ይህ ሊከብድ ስለሚችል «እትዬ፣ ቤትዎ ሆነው ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ማለዘብ ይሻላል። «ለምን እዚህ አልነኩም?» ግን በፍጹም አይባልም፤ ወቀሳ ነው፣ መልሱንም ይናገራል። ዝም ሲል ዝም በሉ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አብዛኛው ሰው ከዚያ በፊት ያሰበውን ራሱ ይናገራል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ከቆመ ወይም «በቃ እተወዋለሁ» ካለ እርዱትና ቀጥሉ፤ ያ ተግባር ግን «በእርዳታ» ተብሎ ይመዝገብ።

ከእያንዳንዱ ተግባር በኋላ «ከ1 እስከ 7 ምን ያህል ቀላል ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ጠይቁ፤ ቁጥሩን ግን ብዙ አትመኑት። ጥቅሙ ቀጥሎ የምትጠይቁት «ለምን ያን ቁጥር ሰጡት?» ላይ ነው።

ማስታወሻ መያዝ

መሪው ማስታወሻ አይያዝ፤ ሁለቱን አንድ ሰው አይችላቸውም። ማስታወሻ ያዡ እያንዳንዱን መስመር በቀረጻው ሰዓት ይጀምር፣ ተሳታፊዋ ያደረገችውን እንዳደረገችው፣ ያለችውን በራሷ ቃል በትእምርተ ጥቅስ ያስገባ። የራሱ ግምት በጥያቄ ምልክት ተለይቶ ይጻፍ። «ሰዓት ግራ ገባት» ብሎ መጻፍ ማስታወሻ አይደለም፣ ፍርድ ነው። ከሳምንት በኋላ የትኛው ሰዓት፣ ምን አይታ፣ ምን ብላ እንደሆነ አይነግራችሁም።

የሚከተለው ለማሳያ የተዘጋጀ ነው፤ ተሳታፊ 3፣ የመጀመሪያው ተግባር፦

02፡35 — የከተማ ሳጥኑ ላይ «አዋሳ» ብላ ጻፈች። ገጹ «አልተገኘም» አለ።
02፡50 — «ሐዋሳ» ብላ ጻፈች። አሁንም አልተገኘም። «ወደ ሀዋሳ አይሄዱም እንዴ?»
03፡20 — ጽሑፉን አጥፍታ ዝርዝሩን እስከ ታች ሳበች። «ሀዋሳ»ን አገኘች። «አለ ለካ።»
04፡05 — ካሌንደሩ ተከፈተ፣ ጃንዋሪ ነው። 9ን ነካች። ቆመች፣ 8 ሰከንድ ያህል ዝም።
04፡15 — «ይሄ የፈረንጅ ነው መሰለኝ። ጥር 9 በነሱ ስንት ነው?» መሪ፦ «ብቻሽን ብትሆኚስ?» «እህቴ ጋ እደውላለሁ።»
05፡40 — በጣቷ ቆጥራ 17ን መረጠች።
06፡05 — ሁለት መኪና ታየ፣ 6:00 AM እና 1:30 PM። «ስድስት ሰዓትማ ቀትር ነው፣ ሠርጉ ያልፋል።» 1:30 PMን ነካች። አላመነታችም።
08፡50 — ጨረሰች። ከ7 ስድስት ሰጠች። «ካሌንደሩ ነው እንጂ ሌላው ቀላል ነው።»
09፡10 — የዘመድ ጥያቄ፦ «ቅዳሜ፣ ከቃሊቲ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል።»
? AM እና PM የሚሉትን ጨርሳ አላነበበችም?

የመጨረሻዎቹን አራት መስመሮች መልሳችሁ አንብቡ። ድረ ገጹ ላይ ጎልቶ የታየው ችግር ከተማውና ካሌንደሩ ናቸው፤ ቆማለች፣ ጠይቃለች፣ አጉረምርማለች። የከፋው ስህተት ግን ያለ አንዳች ማመንታት የተፈጸመው ነው። ትኬቷ የቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ እሷ ግን የጠዋት መስሏታል። በጥሩ ነጥብ፣ የተሳሳተ ትኬት ቆርጣለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ መድረሷን ብቻ ብንቆጥር ይህ ተግባር «ተሳክቷል» ተብሎ ያልፍ ነበር፤ የጠዋት መስሏት መሆኑን ያወጣው የዘመዱ ጥያቄ ነው። ማስታወሻ ያዡ ደግሞ በ06፡05 ያለችውን በቃሏ ባይጽፍ ኖሮ ምክንያቱ ይጠፋ ነበር።

ማስታወሻውን ወደ ሥራ መለወጥ

እያንዳንዱ ተሳታፊ እንደወጣ መሪውና ማስታወሻ ያዡ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ያዩትን ያስተያዩ፤ ነገ ከሆነ ተሳታፊ 2 ያለውንና ተሳታፊ 4 ያለውን ታደባልቃላችሁ። አምስቱም ሲያልቁ ተመሳሳይ ክስተቶችን አንድ ላይ ሰብስቡ፤ ከ0 እስከ 4 ባለው በተለመደው የክብደት ደረጃ መድቧቸው፤ 4 የከፋው ነው። ስትመድቡ ስንት ሰው እንደተሰናከለ ብቻ አትቁጠሩ፤ መዘዙን እዩ። የከተማው አጻጻፍ አራቱን ቢያስቸግርም ሁሉም አግኝተውት ካለፉ 2 ወይም 3 ነው። የሰዓቱ ችግር ሁለት ሰው ብቻ ላይ ቢታይም 4 ነው፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጉዞው ይቀርበታል፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ሪፖርቱ ላይ «40 በመቶ ተጠቃሚዎች» ብላችሁ አትጻፉ። «ከአምስቱ ሁለቱ» በሉ፤ አምስት ሰው መቶኛ አይሸከምም።

ከዚህ ማስታወሻ የሚወጡት ማስተካከያዎች ግልጽ ናቸው። ፍለጋው ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሃን አንድ አድርጎ ይቁጠር፤ «አዋሳ» ለብቻው እንደ ሌላ ስም ይመዝገብ። ካሌንደሩ ጥርን ያሳይ፣ የፈረንጁ ቀን ከሥሩ በትንሹ ይታይ። ሰዓቱ «ጠዋት 12፡00» ተብሎ በቃል ይጻፍ፣ ከጎኑ 6:00 AM ይኑር፤ ውጭ ያለው ዘመድም ያነበዋልና። የማረጋገጫ መልእክቱም «ቅዳሜ ጥር 9፣ ጠዋት 12፡00፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ» ብሎ ይጨርስ።

ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ ግን ራሱ አዲስ ወጥመድ ሊሆን ይችላል፤ 12 እና 6ን አይቶ ሁለት የተለያዩ መኪናዎች የሚመስለው ሰው ይኖራል። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር በዚሁ ተግባር ይሠራ፣ ሰዎቹ ግን አዲስ ይሁኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ወጥመዱን አውቀውታል። ቀኑንም ቀይሩት፦ ጥር 25 ጃንዋሪን አልፎ ፌብሩዋሪ 2 ላይ ስለሚውል፣ ካሌንደሩ ወር ሲያሻግር ሰው ይከተለው አይከተለው በዚያው ታያላችሁ።